ፀሐይ የማያየው የሰሜን ክፍል፦ ክሬሙ ቀለም ለምን አረንጓዴ መሰለብኝ?

ሀረግ ከማራኪ (ኅዳር 4)

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? የምንኖረው ጎንደር ማራኪ ነው። የእንግዳ ክፍላችን አንድ መስኮት ብቻ አለው፤ እሱም ወደ ሰሜን ያያል። ውጭ ፀሐይ አናት እየበሳች እኛ ውስጥ በ7 ሰዓት መብራት እናበራለን።

አምና ክሬም አስቀባን። ሱቅ ካታሎጉ ላይ ሳየው ለጋ ቅቤ የመሰለ ደስ የሚል ቀለም ነበር። ግድግዳው ላይ ሲደርቅ ግን ሌላ ሆነ። በተለይ ረፋድ ላይ አረንጓዴ ነገር ይታይበታል፤ ማዕዘኖቹ ደግሞ የቆሸሹ ይመስላሉ። ቀቢውን "ቀለም ተሳስተህ ነው" ብዬ ተቆጣሁት። ጋሎኑ ላይ ያለውን ቁጥር አሳየኝ። አልተሳሳተም።

ለጥምቀት ከአዲስ አበባና ከደሴ ዘመድ ይመጣል። ከዚያ በፊት እንደገና ማስቀባት እፈልጋለሁ። አማቴ ንጹህ ነጭ ይሁን ይላሉ። ባለቤቴ ውሃ ሰማያዊ ይወዳል። እኔ ሎሚማ ቢጫ ነው ያሰብኩት፤ ፀሐይ ስለሌለ ግድግዳው ራሱ ፀሐይ ይምሰል ብዬ። ክፍሉ 4 ሜትር በ3 ሜትር ተኩል ነው፤ ቁመቱ 2 ሜትር ከ80። የቱን ትመክሩኛላችሁ?

ቢኒ አዘዞ (ኅዳር 4)

ነጭ! ምንም አታስቢ። ነጭ ከሁሉም ቀለም በላይ ብርሃን ይመልሳል፤ የፊዚክስ ጉዳይ ነው። ክሬም፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ የምትዪው ሁሉ ያለውን ትንሽ ብርሃን ይበላብሻል። እኔ ሱቄን ነጭ ካስቀባሁ በኋላ ቀን መብራት አላበራም። አማትሽ ልክ ናቸው።

ወለላ (ኅዳር 4)

ሀረግዬ፣ የቆሸሹ የመሰሉት ማዕዘኖች እርጥበት እንዳይሆን ፈትሺ። የእኔም የሰሜን ግድግዳ ክረምት ላይ ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ አወጣ። ሁለት ጊዜ ቀባነው፤ ሁለቴም ተመልሶ መጣ። በኋላ ስናየው የጣሪያው ውሃ መውረጃ ተሰንጥቆ ግድግዳው ላይ ይፈስ ነበር። እሱን ሳናስተካክል ለቀለም ያወጣነው ገንዘብ እንዲሁ ቀረ።

ሀረግ ከማራኪ (ኅዳር 4)

አመሰግናለሁ ወለላ። በእጄ ዳሰስኩት፤ ደረቅ ነው፣ አይላጥም፣ ነጠብጣብም የለውም። ማታ መብራት ሲበራ ደግሞ ቆሻሻው ይጠፋል። ቀን ብቻ ነው የሚታየው።

የአራዳው ቀቢ (ኅዳር 5)

እህቴ ሀረግ፣ ቀን ብቻ የሚታይ ቆሻሻ ቆሻሻ አይደለም። ጥላ ነው። ማታ መጥፋቱን ስትናገሪ ግማሹን መልስ ራስሽ ሰጥተሻል።

22 ዓመት ቀለም ቀብቻለሁ። ስለ ቀለሙ ከመናገሬ በፊት ሦስት ነገር ልጠይቅሽ። በመስኮቱ ስታዪ ፊት ለፊትሽ ያለው ምንድን ነው፣ በስንት ሜትር ርቀት? ኮርኒሱ ምን ዓይነት ነው፣ ምንስ ተቀብቷል? ማታ የምታበሩት አምፖል ነጭ ነው ወይስ ቢጫ?

ሀረግ ከማራኪ (ኅዳር 5)

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከመስኮቱ ፊት ለፊት ሦስት ሜትር ያህል የሆነች ጓሮ አለች፤ ከዚያ የአጥር ቆርቆሮ ነው። አረንጓዴ ቆርቆሮ፣ ከፍታው ሁለት ሜትር ከምናምን። መሬቱ ጥቁር ድንጋይ የተነጠፈበት ነው። ኮርኒሱ ቺፕውድ ሆኖ ቡናማ ቫርኒሽ ተቀብቷል። አምፖሉ ነጭ ነው።

አሁን ስጽፈው ለራሴም ገባኝ መሰለኝ። አረንጓዴው ከቆርቆሮው ነው የሚመጣው?

የአራዳው ቀቢ (ኅዳር 5)

ከቆርቆሮው ነው። ቀቢሽን ይቅርታ ጠይቂው።

ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ ይህን ብዙ ሰው ሳያየው ቀለም ይቀያይራል።

የሰሜን መስኮት ፀሐይን ስለማያይ ክፍልሽ የሚኖረው በተመላሽ ብርሃን ነው። ብርሃኑ ከሁለት ቦታ ይመጣል። አንዱ ሰማይ ነው። በዚህ ወር የጎንደር ሰማይ ጥርት ያለ ሰማያዊ ስለሆነ የሚልከውም ብርሃን ሰማያዊነት አለበት። ሁለተኛው ፊት ለፊት ያለው ነገር ነው፤ የአንቺ አረንጓዴ ቆርቆሮ። ፀሐይ ቆርቆሮው ላይ ታርፋለች፣ ቆርቆሮው አረንጓዴውን መርጦ ወደ ክፍልሽ ይልካል። ክሬም ውስጡ ቢጫ አለው። ሰማያዊና አረንጓዴ ብርሃን ቢጫማ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ የምታዪው ነገር ይወጣል። ያሰብሽው ሎሚማ ቢጫ ቢቀባ ኖሮ የባሰ ነበር። ሎሚማ ቢጫ ገና ከፋብሪካው ወደ አረንጓዴ ያዘነበለ ነው። ጥላ ውስጥ ያልበሰለ ሎሚ ይመስላል።

አሁን ወደ ማዕዘኖቹ። ከመስኮት የገባ ብርሃን ሩቁ ማዕዘን የሚደርሰው ከግድግዳ ግድግዳ እየነጠረ ነው። ጥሩ ነጭ ከሚያርፍበት ብርሃን ከመቶ 80 ያህሉን ይመልሳል። ቀለል ያለ ክሬም 70 አካባቢ ነው። መካከለኛ ግራጫ ደግሞ 50። ሦስት ጊዜ ይንጠር እንበል። 80 የሚመልሰው ግድግዳ ላይ ከመቶው 51 ይተርፋል። 70 የሚመልሰው ላይ 34። 50 የሚመልሰው ላይ 12 ብቻ። ስለዚህ ቢኒ ያለው እውነት አለበት፤ ትንሽ የምትመስል ልዩነት ማዕዘን ላይ ስትደርስ ትልቅ ትሆናለች። ቀለሙም በየንጥሩ ይደምቃል። ካታሎግ ላይ ፈዛዛ የነበረው አራት ግድግዳ ሲሆን ጠንከር የሚለው ለዚህ ነው።

የአንቺ ትልቁ ሌባ ግን ግድግዳው አይደለም። ቡናማው ኮርኒስ ነው። መሬት ላይ ያረፈ ብርሃን በመስኮት ሽቅብ ገብቶ መጀመሪያ የሚያገኘው ኮርኒሱን ነው፤ ቫርኒሹ አብዛኛውን እዚያው ያስቀረዋል። ኮርኒሱን የማይነካ ሰው ግድግዳውን በረዶ ቢያስመስለው ክፍሉ ድቅድቅ እንዳለ ይቆያል።

የእኔ ቅደም ተከተል ይኸው ነው። መጀመሪያ ኮርኒሱ ነጭ ይሁን። ቀጥሎ ቆርቆሮው። የግድግዳው ቀለም የሚመረጠው ከሁለቱ በኋላ ነው።

ቢኒ አዘዞ (ኅዳር 5)

ስለ ኮርኒሱ እስማማለሁ። ግን ያው ራስህ ቁጥሩን አስቀመጥከው፤ 51 እና 34። ታዲያ ግድግዳውም ነጭ ይሁና! ለምን እንጨነቃለን?

የአራዳው ቀቢ (ኅዳር 5)

ቢኒ፣ ሱቅህ በር ሙሉ ክፍት ነው፣ ፊቱ መንገድ ነው። እዚያ ነጭ ያምራል። እዚህ የገባው ብርሃን ሰማያዊ ነው። ንጹህ ነጭ ደግሞ የራሱ የሆነ ነገር የለውም፤ የመጣለትን ብቻ ነው የሚያሳየው። መስኮቱ አጠገብ ነጭ ይሆናል፣ መሃል ላይ ሰማያዊማ፣ ማዕዘኑ ላይ አመድ። የበለጠ ብርሃን አለ፣ ዓይን ግን ቀዝቃዛና የተረሳ ክፍል ነው የሚያየው። በመሣሪያ ብትለካው ታሸንፈኛለህ። እዚያ ክፍል ተቀምጠህ ቡና ስትጠጣ ግን ትከሻህን የምታጥፍ ይመስለኛል።

ስለዚህ ነጩ ከሚመልሰው ብርሃን ከመቶ አምስት ስድስት ያህሉን ለቅቄ ሙቀት እገዛበታለሁ። ከዚያ በላይ ግን አልለቅም።

ዮናስ ጂኦግራፊ (ኅዳር 6)

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለጎንደር ሰው ይጠቅማል።

ስለ ሰሜን ክፍል የሚጻፈው አብዛኛው ምክር ከአውሮፓ የመጣ ነው። እዚያ የሰሜን መስኮት ቀትር ላይ ፀሐይ አያይም። እኛ ያለነው ከምድር ወገብ 12 ዲግሪ ተኩል ገደማ ወደ ሰሜን ነው። በእኛ አገር ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን ወደ ሰሜን ታልፋለች። ሰኔ 14 አካባቢ 11 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ዘንበል ትላለች። ቀትር ላይ በጣም ከፍ ስለምትል የጣሪያው ክፈፍ ይከልላታል። ጠዋትና ማታ ግን ዝቅ ብላ በሰሜን ምሥራቅና በሰሜን ምዕራብ ስለምትሆን በጎን ትገባለች። ሀረግ፣ ግንቦት ላይ ጠዋት ትንሽ ፀሐይ ግድግዳው ላይ አይተሽ አታውቂም?

ስለዚህ ቀለም የሚፈተንበት ወር ለውጥ ያመጣል። ግንቦት ላይ የተመረጠ ቀለም ታኅሣሥ ላይ ያሳፍራል። አሁን ኅዳር መሆኑ ጥሩ ነው፤ ክፍሉን በክፉ ወቅቱ ነው የምታዪው።

ሌላው ስለ አጥሩ ነው። አሁን ፀሐይ በደቡብ በኩል ናት። ታኅሣሥ 12 አካባቢ የቀትር ፀሐይ ከፍታ 54 ዲግሪ ነው። ክፈፋችሁ 3 ሜትር ከፍታ ካለው የቤቱ ጥላ ወደ ሰሜን 2 ሜትር ከ20 ያህል ይወድቃል። ቆርቆሮው 3 ሜትር ርቆ ስለቆመ ጥላው አይደርስበትም። ቢያንስ ከረፋዱ 4 ሰዓት ተኩል እስከ 8 ሰዓት ተኩል ሙሉ ፀሐይ ይመታዋል። ክፍሉ ፀሐይ አያይም፣ ፊት ለፊቱ ያለው አጥር ግን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ይሞቃል ማለት ነው። አጥሩ ነጭ ቢሆን እንደ ሁለተኛ መስኮት ነው።

ሀረግ ከማራኪ (ኅዳር 6)

ዮናስ፣ እውነትህን ነው! ግንቦት ላይ ጠዋት በቁም ሳጥኑ ጎን ቀጭን ፀሐይ ትገባለች። ልጆቹ "መጣች" ይላሉ። ለምን ሌላ ጊዜ እንደማትመጣ አስቤበት አላውቅም ነበር።

እመቤት ከባሕር ዳር (ኅዳር 6)

እኔ ኮክ ቀለም እመክራለሁ፤ ግን ተጠንቀቂ። የእኔ ክፍል ወደ ምዕራብ ነው የሚያየው። ካታሎግ ላይ በጣም ፈዛዛ የሆነ ኮክ መረጥኩ። አራቱም ግድግዳ ሲቀባ እንደ ጥሬ ሥጋ ሆነብኝ፤ ከሰዓት በኋላማ አይታይም። በመጨረሻ ሦስት እጥፍ ነጭ ጨምረን እንደገና ቀባነው። አሁን ደስ ይላል። እና ፊት ለፊት ትልቅ መስታወት ስቀዪ፣ ክፍሉን እጥፍ ያደርገዋል።

የአራዳው ቀቢ (ኅዳር 6)

እመቤት፣ የኮኩ ነገር ልክ ነሽ። ግን የምዕራብ ክፍል ከሰዓት በኋላ ቢጫና ቀይ ብርሃን ስለሚያገኝ ኮኩን ያነድደዋል። የሰሜኑ ተቃራኒ ነው፤ ሰማያዊው ብርሃን ቀዩን ያበርደዋል። አንቺ ጋ ጥሬ ሥጋ የሆነው እዚህ ትንሽ ሞቅ ያለ የወተት ቀለም ሊሆን ይችላል። መስታወቱን ግን አሁን ይቆይ። መስኮቱ ፊት ለፊት ከተሰቀለ የሚያሳየው ያንኑ አረንጓዴ ቆርቆሮ ነው።

ሀረግ፣ ምንም ሳትገዢ ነገ የምትሞክሪው ነገር አለ። አንድ ትልቅ ነጭ አንሶላ ቆርቆሮው ላይ፣ በመስኮቱ ትክክል አንጠልጥዪ። 5 ሰዓት ላይ ክፍሉ ውስጥ ገብተሽ ግድግዳውን እዪ። ከዚያ ሌላ ሰው አንሶላውን ያንሳው፣ አንቺ ከግድግዳው ዓይንሽን አትንቀዪ። ልዩነቱን ራስሽ ትነግሪናለሽ።

ሀረግ ከማራኪ (ኅዳር 8)

ሞከርኩት። ሁለት አንሶላ አያይዘን አንጠለጠልን። እውነቱን ልናገር፣ እንዲህ ይሆናል ብዬ አልጠበቅሁም። ልጄ አንሶላውን ሲያነሳው ግድግዳው ላይ አንድ ነገር እንደ መጋረጃ ወረደ። አረንጓዴው ተመልሶ መጣ። አንሶላው እያለ ክሬሙ ካታሎጉ ላይ ያየሁት ክሬም ነበር! ሶፋው ጥግ ድረስም ብርሃን ጨምሯል። አማቴም መጥተው አዩት። "ታዲያ አጥሩን ነዋ መቀባት" አሉ።

ችግሩ አጥሩ የጎረቤታችን ነው። ደግ ሴት ናቸው፤ ግን ባለፈው ዓመት ነው ያሠሩት፣ አረንጓዴውንም መርጠው ነው የገዙት።

ቢኒ አዘዞ (ኅዳር 8)

እኔም ቤቴ ሄጄ ሌላ ነገር ሞከርኩ። መኝታ ቤቴ ወደ ሰሜን ነው። አንድ ነጭ ወረቀት መስኮቱ ላይ፣ ሌላ ወረቀት ጥግ ላይ ለጠፍኩ። ፎቶ አነሳሁ። የጥጉ ወረቀት በግልጽ ሰማያዊ ግራጫ ነው። አንድ ዓይነት ወረቀት! አሁንም ነጭ የበለጠ ያበራል ባይ ነኝ፤ ግን የቀቢው ነገር ገብቶኛል።

የአራዳው ቀቢ (ኅዳር 8)

ቢኒ፣ ፎቶ ላይ አትተማመን፤ ስልክ ቀለሙን በራሱ ያስተካክላል። ዓይንህ ያየው ከሆነ ግን በቂ ነው።

ሀረግ፣ ወደ ጎረቤትሽ ሄደሽ አንሶላውን አሳዪአቸው፣ ቤት አስገብተሽ። በቃል ከሚነገር ይልቅ ይታያል። እሳቸው በኩል ያለው ፊት አረንጓዴ እንደሆነ ይቆያል፤ የሚቀባው በአንቺ በኩል ያለው ብቻ ነው።

ከፈቀዱ ቆርቆሮውን እንዲህ አሠሪ። በሳሙና ውሃ ይታጠብ፤ አቧራና ቅባት ካለ ቀለም አይዝም። ሲደርቅ በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ማብረቅረቁ እስኪጠፋ ድረስ ይታሸት። ተላልጦ ዚንኩ ወይም ዝገቱ ብቅ ያለበት ቦታ ካለ ለቆርቆሮ የሚሆን መነሻ ቀለም ይቀደም። ከዚያ የውጭ ቀለም ሁለት እጅ። ንጹህ ነጭ አታድርጊው፤ በቀትር ዓይን ያማል። ወተትማ ነጭ ይሁን። ከታች ሁለት ስንዝር ያህል ደግሞ ጠቆር ያለ ቀለም ተዪለት፤ ክረምት የሚረጨው ጭቃ እዚያ ላይ ነው የሚያርፈው።

ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ነጣ ያለ ጠጠር ብትበትኚ ደግሞ ኮርኒሱ ያመሰግንሻል። ብርሃኑ ከመሬት ነው ሽቅብ የሚገባው ያልኩሽን አስታውሺ።

ወለላ (ኅዳር 9)

ጠጠር ከግድግዳው ሥር ውሃ እንዳይዝባችሁ አደራ። ወደ ውጭ ዘንበል ይበል።

የአራዳው ቀቢ (ኅዳር 9)

ወለላ ልክ ብላለች።

አሁን ወደ ግድግዳው ቀለም። ሱቅ ሄደሽ ሙሉ ጋሎን አትግዢ። ትንሿን ቆርቆሮ ነጭ ፕላስቲክ ቀለም ግዢና ሦስት ዓይነት አስበጥብጪ። አንዱ ነጭ ውስጥ ጠብታ የእንቁላል አስኳል ቢጫ። ሁለተኛው አስኳል ቢጫ ከትንሽ ቀይ ጋር፤ ይህ ወደ ኮክ ይሄዳል። ሦስተኛው ባለቤትሽ የሚወደው ውሃ ሰማያዊ፤ ሳይሞከር አይጣል።

ግድግዳው ላይ አትሞክሪ። የአሮጌው ቀለም አጠገቡ ስላለ ዓይን ያታልላል። ክንድ በክንድ የሆነ ካርቶን ላይ ሁለት ሁለት እጅ ቀቢ፤ ዳር ዳሩን በነጭ ወረቀት ክበቢው። ሳይደርቅ አትፍረጂ፤ ፕላስቲክ ቀለም ሲደርቅ ትንሽ ይጠቁራል። ከዚያ ካርቶኑን አቁሚው፣ መሬት ላይ አታስተኚው። አንድ ቀን መስኮቱ ጎን፣ አንድ ቀን በሩቁ ጥግ። በ3 ሰዓት፣ በ7 ሰዓት፣ በ11 ሰዓት፣ ማታም በመብራት እዪው። ከምትወጂው አንድ ደረጃ ፈዘዝ ያለውን ምረጪ፤ የእመቤትን ጥሬ ሥጋ አስቢ።

አምፖሉንም ከቀለሙ በፊት ወስኚ። ነጩ አምፖል ሰማያዊነት አለው፤ ማታ ሙቁን ቀለም ይገድለዋል። በጣም ቢጫውም አስኳሉን ብርቱካን ያደርገዋል። ማሸጊያው ላይ 4000 የሚል ቁጥር ያለበት መካከለኛ አምፖል ካገኘሽ እሱን ያዢ። 6500 የሚለው ነጩ ነው፣ 3000 የሚለው ቢጫው።

ኤፍሬም ቀበሌ 16 (ኅዳር 10)

ለምን ዘይት ቀለም አትቀቡትም? ያብረቀርቃል፣ ብርሃን ይመልሳል፣ ይታጠባል። የእናቴ ቤት ሁሌም ዘይት ነው።

የአራዳው ቀቢ (ኅዳር 10)

ኤፍሬም፣ ልጆች ለሚነኩት ለበሩና ለመቃኑ ጥሩ ነው። ለዚህ ግድግዳ ግን ሁለት ነገር ያስፈራኛል። ማብረቅረቅ ብርሃን አይጨምርም፤ ብርሃኑን በአንድ አቅጣጫ ነው የሚወረውረው። ብርሃኑ ከአንድ መስኮት በጎን ስለሚመጣ የልስኑ ጉብታ ሁሉ ይታያል። ሁለተኛው፣ ነጭ ዘይት ቀለም ብርሃን ባነሰበት ቦታ ከጊዜ ጋር ቢጫ ይሆናል። የእናትህን ቤት ቁም ሳጥን ከግድግዳው ፈቀቅ አድርግና ከጀርባው ያለውን ግድግዳ ከመስኮቱ ዳር ጋር አስተያየው።

ኤፍሬም ቀበሌ 16 (ኅዳር 12)

አየሁት። ጀርባው የድሮ ወረቀት መስሏል። አመሰግናለሁ። እናቴ ግን አሁንም ዘይት ነው የምትወደው፤ ይታጠባል ትላለች። እሱ ላይ መልስ የለኝም።

ሀረግ ከማራኪ (ኅዳር 19)

ሰላም ወገኖቼ። ጎረቤታችን ገብተው አንሶላውን አዩ። ትንሽ ዝም ብለው ቆይተው "የእኔም ወጥ ቤት በዚህ በኩል ነው፤ እኔ ጋ ደግሞ ጨለማ እንዳይሆን" አሉ። እሳቸው በኩል ምንም እንደማይነካ አስረዳናቸው። ፈቀዱ። ግማሹ ቆርቆሮ፣ በመስኮታችን ትክክል ያለው 5 ሜትር፣ ተቀባ። ወለላ እንዳለችው ጠጠሩ ወደ ውጭ ያዘነብላል።

ኮርኒሱ አስቸገረን። ቫርኒሹ ላይ በቀጥታ የተቀባው ነጭ በማግስቱ ቢጫ ነጠብጣብ አወጣ።

የአራዳው ቀቢ (ኅዳር 19)

ይህን ቀድሜ መናገር ነበረብኝ፤ ይቅርታ። የቫርኒሹና የቺፕውዱ ቀለም ነው በውሃ ቀለሙ ውስጥ ሽቅብ የሚወጣው። ተጨማሪ ፕላስቲክ ቀለም ብትደራርቢበት አይቆምም። በብርጭቆ ወረቀት አሳሺው፣ አንድ እጅ ለእንጨት የሚሆን ነጭ የዘይት መነሻ ቀለም ይቀባ፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ በላዩ ደብዛዛ ነጭ ፕላስቲክ።

ሀረግ ከማራኪ (ታኅሣሥ 1)

ቆመ! ኮርኒሱ አሁን ነጭ ነው። ግድግዳው ገና ሳይነካ በ7 ሰዓት መብራት ማብራት አቁመናል። ሶፋው ላይ ተቀምጬ ጽሑፍ አነባለሁ። ጥጉ ላይ ያለው ወንበር ጋ አሁንም ይከብዳል።

ሦስቱን ካርቶኖች ለአራት ቀን አየናቸው። ውሃ ሰማያዊው መስኮቱ ጎን በጣም ያምራል። ጥጉ ላይ ግን ጠዋት የሲሚንቶ ቀለም ሆነ፤ ባለቤቴ ራሱ "ይህ ይቅር" አለ። አስኳል ቢጫው ቀን ጥሩ ነው፤ ግን ያልተቀባው ግማሽ ቆርቆሮ በኩል ካለው ግድግዳ አጠገብ ስናቆመው ትንሽ አረንጓዴ አለበት። ኮኩ ቀን ላይ ኮክ መሆኑ አይታወቅም፤ ሞቅ ያለ ወተት ነው የሚመስለው። ማታ በድሮው ነጭ አምፖል ሐምራዊ ነገር ይታይበታል፤ በ4000ው ይጠፋል።

ኮኩን አንድ ደረጃ አፍዝዘን ወሰንን። ስንት ጋሎን ልግዛ?

የአራዳው ቀቢ (ታኅሣሥ 1)

የግድግዳው ዙሪያ 15 ሜትር ነው፤ በቁመቱ ሲባዛ 42 ካሬ። በርና መስኮት ሲቀነስ 38 ገደማ። ለስላሳ ግድግዳ ላይ አንድ ሊትር 10 ካሬ ያህል ለአንድ እጅ ይሸፍናል። ለሁለት እጅ ሰባት ሊትር ተኩል ያህል ያስፈልጋል፤ ባለ 4 ሊትሩ ጋሎን ሁለት። ልስኑ ሻካራ ከሆነ ሦስተኛ ያስፈልጋል።

ሁለቱም ጋሎን በአንድ ቀን ይበጥበጥ። ቤት ሲደርስ ሁለቱን በአንድ ትልቅ ባልዲ ቀላቅለሽ ቀቢ፤ አለበለዚያ አንዱ ግድግዳ ከሌላው ይለያል። ቀቢው ቀለሙን በውሃ ከመጠን በላይ እንዳያቀጥነው አጠገቡ ቁሚ። ሁለት እጅ ተቀብቶ የድሮው ክሬም ከውስጥ ከታየ ቀጥኗል ማለት ነው። ደግሞ የፈዘዘውን ኮክ በካርቶን እንደገና ሞክሪው፤ የወደድሽው ያልፈዘዘውን ነው።

ቢኒ አዘዞ (ታኅሣሥ 1)

ጥጉ ላይ ያለው ወንበር ጋ ያለችውን አንዷን ግድግዳ ብቻ ነጭ ብታደርጊስ? ሦስቱ ኮክ፣ አንዱ ነጭ።

ዮናስ ጂኦግራፊ (ታኅሣሥ 2)

እኔ በተቃራኒው፣ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ያለችው ግድግዳ ናት ነጣ ማለት ያለባት ባይ ነኝ። ከሰማይም ከአጥሩም በቀጥታ የሚደርሳት እሷ ናት፤ ለሌሎቹ የምታካፍለውም እሷ ናት።

የአራዳው ቀቢ (ታኅሣሥ 2)

በዮናስ ሐሳብ አደላለሁ፤ ግን ነጭ ከኮክ ጎን ሲቆም ነጩ ይበልጥ ሰማያዊ መስሎ ይታያል። ያቺን ግድግዳ በዚያው ኮክ፣ ነጭ በእጥፍ ተጨምሮበት፣ ብትቀቡአት እመርጣለሁ። ሠርቼው የማውቀው አንድ ቤት ብቻ ነው፤ እዚያ ሰምሮልኛል። ካርቶን ላይ አይታወቅም፤ ግድግዳዋን ቀብቶ ማየት ነው።

ሀረግ ከማራኪ (ታኅሣሥ 2)

እሺ፣ ነጣ ያለውን ለዚያች ግድግዳ በተለየ ባልዲ አስበጠብጣለሁ። ካልሆነልን የዋናውን ቀለም አንድ እጅ ከላይ መቀባት ነው። ቅዳሜ ቀቢው ይመጣል። ያው አምና የተቆጣሁት ልጅ ነው፤ ደውዬ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

እመቤት ከባሕር ዳር (ታኅሣሥ 2)

ማታ በመብራት ምን እንደሚመስል ጻፊልን። የ4000ውን አምፖል እኔም እፈልጋለሁ፤ እዚህ ያየሁት ሁሉ 6500 ነው።